አግድም ተይዞ የተለቀቀ ዘንግ፤ ታች ሲደርስ ምን ያህል ይፈጥናል?



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የውኃ ቧንቧ ነው። ርዝመቱ 1.2 ሜትር፣ ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ቀጥ ያለ የብረት ቧንቧ ነው። አንደኛው ጫፉ ተበስቶ በቡሎን ከበሩ መቃን ጋር ተያይዟል። ከግራና ከቀኙ ሮንዴላ ስላለው እንደ ልቡ ይዞራል፣ ወደ ጎን ግን አይወላገድም። ሌላኛው ጫፉ ከቡሎኑ ጋር እኩል እንዲሆን፣ ማለትም ቧንቧው አግድም እንዲተኛ፣ በክር ታስሯል። ክሩን በክብሪት ስናቃጥለው ቧንቧው ቁልቁል ይወዛወዛል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ባመለከተባት ቅጽበት በምን ፍጥነት እየዞረ ነው?

ክሩን በእጅ ከመልቀቅ ይልቅ የማቃጥለው ያለ ምክንያት አይደለም። እጅ ሲለቅ ሳያስበው ይገፋል ወይም ይጎትታል። የተቃጠለ ክር ግን ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። ቧንቧው ጉዞውን የሚጀምረው በትክክል ከዜሮ ፍጥነት ነው፤ ዛሬ የምናደርገው ስሌት ሁሉ የቆመውም በዚህ ላይ ነው።

ቧንቧውን ምሳሌ አድርጌ ያመጣሁት ለመለካት ስለሚመች ነው። የልቤ ጉዳይ ግን ገበያው ዳር ቆሞ ዕቃ የሚያራግፈው አይሱዙ ነው። የኋላ ስፖንዳው በማጠፊያ ተይዞ፣ በሰንሰለት ተደግፎ አግድም ይተኛል። ሰንሰለቱ ሲፈታ ያ ከባድ ብረት የሚያደርገው ይህ ቧንቧ የሚያደርገውን ነው። ወደ እሱ ኋላ እንመለሳለን።

መጀመሪያ አብዛኛው ተማሪ የሚሞክረውን መንገድ እንይ። ተማሪው ስለ ዙረት ሲማር ቶርክን ተምሯል፤ ቶርክ ማለት ኃይሉ በክንዱ ርዝመት ሲባዛ ነው። ቧንቧው አግድም ሳለ ስበት መካከሉን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ክንዱም የቧንቧው እኩሌታ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ተነስቶ ዙረቱ በምን ያህል መፍጠን እንደሚጀምር ያሰላል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ ግን ያንኑ የመነሻ ቁጥር ይዞ ሩብ ዙር ያስኬደዋል፤ ታች ሲደርስም 6.2 ራዲያን በሰከንድ ያገኛል። ራዲያን ለማታውቁ፣ ጫፉ በቅስቱ ላይ የሄደው ርቀት ለቧንቧው ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ሙሉ ዙር 6.28 ራዲያን፣ ሩብ ዙር 1.57 ራዲያን ይሆናል።

ይህ 6.2 ከእውነተኛው መልስ በሩብ ያህል ይበልጣል። ጥፋቱ የት እንዳለ ቧንቧው ራሱ ያሳያል። አግድም ሳለ ክንዱ ሙሉ ነው። ግማሽ መንገድ ሲወርድ ግን መካከሉ ወደ ቡሎኑ ቋሚ መስመር ቀርቧል፣ ስለዚህ ክንዱ አጥሯል። ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል መካከሉ ከቡሎኑ በታች በትክክል ስለሚውል ክንዱ ዜሮ ነው፤ ስበት ያን ጊዜ ቧንቧውን ወደ ታች ይስበዋል እንጂ ጨርሶ አያዞረውም። ቶርኩ በየቅጽበቱ ከሙሉ ወደ ባዶ እየሟሸሸ የሚሄድ ከሆነ የመጀመሪያውን ቁጥር እስከ መጨረሻ መጠቀም አይቻልም። በየቅጽበቱ እየተከተሉ መደመር ይቻላል፣ ግን መንገዱ ረጅም ነው።

የጉልበት ዘዴ ይህን መንገድ ሁሉ ትቶ ሁለት ቅጽበቶችን ብቻ ይጠይቃል፤ የመነሻዋንና የመድረሻዋን። ስበት ለአንድ ዕቃ የሚሰጠው ጉልበት ዕቃው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ብቻ የሚወሰን ነው፤ በየት በኩል ዞሮ እንደወረደ አይመለከተውም። ቡሎኑስ? ቡሎኑ ቧንቧውን ይይዛል፣ ይጎትታል፣ ግን የያዘው ነጥብ ከቦታው አይነቃነቅም። የማይነቃነቅ ነጥብ ላይ የሚያርፍ ኃይል፣ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ሰበቃን ለጊዜው ከተውን ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው የስበት ሥራ ብቻ ነው።

ስበት የሰጠውን እንቁጠር። ቧንቧው ወጥ ስለሆነ የክብደቱ ማዕከል መሃሉ ላይ ነው። አግድም ሳለ መሃሉ ከቡሎኑ ጋር እኩል ነበር፤ ቀጥ ሲል ከቡሎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ጫፉ 1.2 ሜትር ወርዷል፣ ቡሎኑ አጠገብ ያለው ብረት ግን ምንም አልወረደም፤ አማካዩ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ 2 ኪሎ በ9.8፣ በ0.6 ሲባዛ 11.76 ጁል ይሆናል። ይህ በክር ተይዞ የነበረው እምቅ ጉልበት ነው፤ ታች ሲደርስ ሁሉም ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ተቀይሯል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን። እንቅስቃሴ ላይ ያለ ዕቃ ጉልበት የክብደቱ እኩሌታ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን የትኛው ፍጥነት? የቡሎኑ ወገን ቆሟል፣ ጫፉ ይከንፋል፣ በመካከል ያለው እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ፍጥነት አለው። አንድ ፍጥነት የለም። ያለው አንድ የዙረት ፍጥነት ነው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ፍጥነት ደግሞ ይህ የዙረት ፍጥነት ከቡሎኑ ባለው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው።

ስለዚህ ቧንቧውን በሐሳባችን እንቆራርጠው። እያንዳንዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስድስት ቁራጭ ይወጣዋል። የቁራጮቹ መሃል ከቡሎኑ 10፣ 30፣ 50፣ 70፣ 90 እና 110 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ጉልበት የሚከተለው የፍጥነትን ካሬ ስለሆነ ርቀቶቹንም ካሬ እናድርጋቸው፤ 100፣ 900፣ 2500፣ 4900፣ 8100፣ 12100። ድምሩ 28600፣ አማካዩ 4767 ገደማ ነው። የሙሉው ርዝመት ካሬ 14400 ነውና አማካዩን ለእሱ ብናካፍል 0.331 እናገኛለን። ቁራጮቹን አሳንሰን ብናበዛቸው ቁጥሩ ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል፣ መጨረሻውም በትክክል አንድ ሦስተኛ ነው። መጽሐፉ «ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ» ብሎ የሚጽፈው አንድ ሦስተኛ፣ ብዙ ተማሪ ሳያምንበት በቃሉ የሚይዘው፣ የመጣው ከዚህ ነው። በቧንቧው ላይ የተዘረጉት ርቀቶች ካሬ አማካይ ነው።

እነዚያን ስድስት ቁጥሮች አንድ ጊዜ ደግማችሁ ተመልከቷቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁራጮች፣ የቧንቧው ውጫዊ ሲሶ ብቻ፣ ከጠቅላላው ድምር ሰባ በመቶ ያህሉን ይዘዋል። ወደ ቡሎኑ ያለው ግማሽ ቧንቧ ያለው ድርሻ ከስምንት አንድ ገደማ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን የወረደውንና የተገኘውን እናስተካክል። የቧንቧውን ክብደት m፣ ርዝመቱን L፣ የስበትን ፍጥንጥነት g፣ የዙረት ፍጥነቱን ω ብንላቸው እንዲህ ይጻፋል፦

mgL/2 = ½ · (mL²/3) · ω²

በሁለቱም ወገን ያለው m ይጣፋል፤ የቀረውን ስናስተካክል መልሱ ይህ ነው፦

ω² = 3g/L

ለእኛ ቧንቧ ሦስት ጊዜ 9.8፣ ማለት 29.4፣ ለ1.2 ሲካፈል 24.5 ነው። የእሱ ካሬ ሥር 4.95 ራዲያን በሰከንድ ይሆናል። ጫፉ ከቡሎኑ 1.2 ሜትር ስለሚርቅ ፍጥነቱ 5.94 ሜትር በሰከንድ ነው፤ በመኪና ሰዓት ቋንቋ ወደ 21 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሆኑ ነው። ክብደቱ ከሒሳቡ እንደጠፋ ልብ በሉ። በ2 ኪሎው ፋንታ 10 ኪሎ የሚመዝን ባለ ተመሳሳይ ርዝመት ብረት ብትሰቅሉ እኩል ይፈጥናል። ስፋትም አይገባም። ቧንቧው ወደ ጎን ሰፍቶ ሳንቃ ቢሆን፣ ማጠፊያው በአንድ ጠርዙ በሙሉ ቢሄድ፣ ከማጠፊያው ያለው ርቀት የተዘረጋበት ሁኔታ አይለወጥምና አንድ ሦስተኛው እንዳለ ይቆያል። ቧንቧውን ያሰላንበት ቀመር ለስፖንዳው የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ግን ሰሚውን ሁሉ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ከቧንቧው ጫፍ አጠገብ ድንጋይ ይዛችሁ፣ ክሩ ሲቃጠል ድንጋዩንም ብትለቁት፣ ድንጋዩ 1.2 ሜትር ወርዶ ፍጥነቱ 4.85 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። የቧንቧው ጫፍ የወረደው ከፍታ ያው 1.2 ሜትር ነው፣ ፍጥነቱ ግን 5.94 ነው። ድንጋዩን ማንም አልያዘውም፣ ቧንቧው ደግሞ በቡሎን ታስሯል። የታሰረው ከነጻው እንዴት ሊፈጥን ቻለ?

የቧንቧውን ሦስት ሲሶዎች ለየብቻ ብንቆጥር ምሥጢሩ ይገለጣል። ውጫዊው ሲሶ በአማካይ 1 ሜትር ስለወረደ ከስበት ያገኘው 6.53 ጁል ነው። ታች ሲደርስ የያዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ግን 8.28 ጁል ነው። መካከለኛው ሲሶ 3.92 ተቀብሎ በእጁ የቀረው 3.05 ነው። ለቡሎኑ የቀረበው ሲሶ 1.31 ተቀብሎ 0.44 ብቻ ይዟል። ሁለቱ የውስጥ ሲሶዎች እያንዳንዳቸው 0.87 ጁል ጎድሎባቸዋል፣ ውጫዊው ደግሞ በትክክል የሁለቱን ጉድለት ድምር፣ 1.74 ጁል አትርፏል። ጠቅላላው 11.76 ምንም አልተነካም። የውስጡ ብረት በራሱ ቢወድቅ ኖሮ ሊኖረው የሚችለውን ፍጥነት ቡሎኑ ከልክሎታል፤ መፍጠን ያልቻለበትን ጉልበት በብረቱ ውስጥ አሳልፎ ለጫፉ ሰጥቶታል። ጫፉ ከነጻው ድንጋይ የበለጠው በዚህ ስጦታ ነው። የቧንቧው መሃል በአንጻሩ 2.97 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር የወደቀ ድንጋይ 3.43 ይደርሳል።

መሃሉ ከድንጋይ ካነሰና ጫፉ ከድንጋይ ከበለጠ፣ በሁለቱ መካከል ከድንጋይ ጋር እኩል የሚሆን ነጥብ መኖር አለበት። አለም። ከቡሎኑ ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ ለእኛ ቧንቧ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። እዚያ ያለው ብረት የወረደውን ያህል ከፍታ በነጻ ቢወድቅ በሚኖረው ፍጥነት ይሄዳል፤ ከጎረቤቶቹ የተቀበለውና የሰጠው እኩል ነው። ቧንቧውን ሁሉ ጥላችሁ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ክር ላይ አንዲት ትንሽ ብረት ብታንጠለጥሉና ከአግድም ብትለቋት ከቧንቧው ጋር ጎን ለጎን እኩል ትወዛወዛለች። ይህን ነጥብ አሳክቶ ያገኘው ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ነው። በ1673 በፓሪስ ባሳተመው ስለ ፔንዱለም ሰዓት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነጥቡ ይገኛል። የተነሳበት ሐሳብ ዛሬ ከተጠቀምንበት ጋር አንድ ነው፤ የተያያዙ ክብደቶች በራሳቸው ሲወዛወዙ የጋራ ማዕከላቸው ከተነሳበት ከፍታ በላይ ሊወጣ አይችልም አለ። «ኢነርጂ» የሚለው ቃል በፊዚክስ ገና ባልነበረበት ዘመን ዘዴውን በእጁ ይዞት ነበር።

መምህራን ፈተና ስታርሙ ይህን ጥያቄ ሁለት ስሕተት ደጋግሞ ያበላሽባችኋል። አንደኛው ቧንቧው ሁሉ መሃሉ ላይ እንደተከማቸ አድርጎ ማሰብ ነው። ተማሪው የወረደውን 60 ሳንቲ ሜትር ትክክል ይወስዳል፣ ከዚያ ጉልበቱን በሙሉ ለመሃሉ ፍጥነት ይሰጠዋል። 5.7 ራዲያን በሰከንድ ያገኛል። ጥፋቱን ለማሳየት መሃሉ ምን ያህል እንደፈጠነ ጠይቁት፤ 3.43 ሜትር በሰከንድ ይላችኋል። ያ የድንጋዩ ፍጥነት ነው። መሃሉ በነጻ እንደወደቀ ድንጋይ ከፈጠነ ጫፉ ትርፉን ከየት አመጣው? በእርግጥ መሃሉ ሲጓዝ የያዘው ጉልበት 8.82 ጁል ነው፣ ከአጠቃላዩ ሦስት አራተኛ። የቀረው 2.94 ጁል ቧንቧው በመሃሉ ዙሪያ ስለሚዞር ያለው ነው። መሃሉ ሲሄድ ቧንቧው አቅጣጫውን እየለወጠ ነውና ያን ክፍያ ማስቀረት አይቻልም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። ቀመሮቹን በቃሉ የያዘ ተማሪ አንድ ሦስተኛ የሚለውን ትቶ አንድ አሥራ ሁለተኛ የሚለውን ያነሳል። ያ ቁጥር ቧንቧው መሃሉ ላይ ተበስቶ ሲዞር የሚሠራ ነው፣ ጫፉ ላይ ሲታሰር አይሆንም። መልሱ በትክክል እጥፍ፣ 9.9 ራዲያን በሰከንድ ይሆናል። ይህንን ለመያዝ ቀመር አያስፈልግም። የጫፉን ፍጥነት፣ 11.9 ሜትር በሰከንድ፣ ይዛችሁ ድንጋይ ይህን ፍጥነት ለማግኘት ከምን ያህል ከፍታ መውደቅ እንዳለበት አስሉ። ከ7.2 ሜትር ነው። የእኛ ቧንቧ ጫፍ የወረደው 1.2 ሜትር ነው። ትንሽ ትርፍ ከውስጡ ብረት ሊገኝ ይችላል፣ ስድስት እጥፍ ግን ከየትም አይመጣም።

ስሌቱን በዓይን ለማረጋገጥ ላብራቶሪ አትጠብቁ። ተራ የእጅ ስልክ በሰከንድ 30 ምስል ይቀርጻል። ስሌታችን ልክ ከሆነ ቧንቧው ቀጥ በሚልበት አካባቢ ከአንዱ ምስል እስከሚቀጥለው ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ያህል ይዞራል፣ ጫፉም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከቧንቧው ጀርባ በግድግዳው ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ሁለቱን ምስሎች አነጻጽሩ። ስልኩ ከቧንቧው ፊት ለፊት፣ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ከጎን ከተቀረጸ ርቀቱ ይዛባል። በሚወዛወዝበት መስመር ላይ ሰው አይቁም፣ 2 ኪሎ ብረት በዚያ ፍጥነት ሰውን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ምስሉ ከስሌቱ ትንሽ ዝቅ ያለ ፍጥነት ቢያሳያችሁ የምትጠረጥሩት ቡሎኑን ነው። የሰበቃውን መጠን ደግሞ ቧንቧው ራሱ ይነግራችኋል። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ በሌላው ወገን እስከ አግድም ይወጣ ነበር። ከአግድም 10 ዲግሪ ሲቀረው ቆሞ ተመለሰ እንበል። መሃሉ ሊደርስበት ይገባ ከነበረው ከፍታ አሥራ ሰባት በመቶ ጎድሎታል፤ ያን ያህል ጉልበት በቡሎኑ ሙቀት ሆኖ ጠፍቷል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ያህል የጠፋው ታች እስኪደርስ ስለሆነ ታች የነበረው ጉልበት በዘጠኝ በመቶ አካባቢ አንሷል። ፍጥነት የሚከተለው የጉልበትን ካሬ ሥር ነውና ፍጥነቱ የሚቀንሰው በአራት በመቶ ተኩል ብቻ ነው፤ 4.95 የነበረው 4.73 ይሆናል። ቡሎኑን ግራሶ ቀብታችሁ፣ ዳዶውን ላላ አድርጋችሁ ድገሙት፤ የሚወጣበት ከፍታ ሲጨምር ታያላችሁ። ኩችኔታ ብታገኙማ ወደ ስሌቱ በጣም ይቀርባል።

ይህ ዘዴ የማይነግረንም ነገር አለ። ጊዜን አይናገርም። ሁለት ቅጽበቶችን ብቻ ስለጠየቅን በመካከላቸው ስንት ሰዓት እንዳለፈ ከእኩልታው አይወጣም። ለዚያ በየቅጽበቱ መከተል ግድ ነው፤ ሲሰላ ለእኛ ቧንቧ 0.53 ሰከንድ ይሆናል። አጠገቡ የተለቀቀው ድንጋይ ያንኑ ከፍታ በ0.49 ሰከንድ ጨርሷል። ጫፉ ሲደርስ የበለጠ ይፈጥናል፣ የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው፤ ድንጋዩ 1.2 ሜትር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ጫፉ በቅስት 1.88 ሜትር ተጉዟልና።

ቡሎኑ ምን ያህል እንደተጎተተም የጉልበት ዘዴ ብቻውን አይመልስም። ሥራ ስላልሠራ ከሒሳቡ አውጥተነዋል። ነገር ግን የዙረት ፍጥነቱን ስላገኘን ወደ ኃይል ሕግ ተመልሰን መጠየቅ እንችላለን። ክሩ ሳይቃጠል ቡሎኑ የተሸከመው የቧንቧውን ግማሽ ክብደት ነው፤ ግማሹን ክሩ ይዞለታል። ክሩ በተቃጠለባት ቅጽበት የቡሎኑ ሸክም ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ግማሽ ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው። ቧንቧው ታች ሲደርስ ግን ቡሎኑ ክብደቱን መሸከም ብቻ ሳይሆን መሃሉን በክብ መንገዱ ላይ ጎትቶ መያዝ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተኩል ክብደት ነው። በድምሩ ሁለት ተኩል ክብደት፣ ማለትም 5 ኪሎ ይሆናል። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ የቡሎኑ ሸክም በአሥር እጥፍ አደገ ማለት ነው።

አሁን ወደ አይሱዙው እንሂድ። የኋላ ስፖንዳው ከማጠፊያው እስከ ጠርዙ ግማሽ ሜትር ቢሆንና 60 ኪሎ ቢመዝን ብለን እናስላ። ከአግድም ሲለቀቅ ጠርዙ ታች የሚደርሰው በ3.8 ሜትር በሰከንድ ነው። ማጠፊያዎቹ በዚያች ቅጽበት 150 ኪሎ ይሸከማሉ። ብዙ ጊዜ ግን ሰንሰለት ሳይታሰር ቀጥ ብሎ ከቆመበት ይለቀቃል። ያን ጊዜ መሃሉ የሚወርደው በእጥፍ ነው፤ ከማጠፊያው በላይ ሩብ ሜትር የነበረው ከማጠፊያው በታች ሩብ ሜትር ይሆናል። ጉልበቱ እጥፍ ስለሆነ የጠርዙ ፍጥነት ወደ 5.4 ሜትር በሰከንድ ያድጋል፣ የማጠፊያዎቹ ሸክም ደግሞ የክብደቱ አራት እጥፍ፣ 240 ኪሎ ይደርሳል። በዚያ መንገድ የሚለቀቅ ስፖንዳ ብየዳው ማጠፊያው ሥር ቢሰነጠቅ ሊያስገርመን አይገባም።

በዚህ ላይ ስፖንዳው ታች ሲደርስ ከአንድ ነገር ጋር ይጋጫል። ግጭቱን የሚቀበለው ጎማ የት መቀመጥ እንዳለበት ለብየዳ ባለሙያዎች አደራ ልበላችሁ። ጎማው ለማጠፊያው ቀርቦ ከተገጠመ ስፖንዳው ጎማውን ሲመታ ጎማው መደገፊያ ይሆንና ማጠፊያውን ይፈለቅቀዋል። ጠርዙ ላይ ከሆነ ደግሞ ማጠፊያው በተቃራኒው አቅጣጫ ይመታል። ማጠፊያው ከግጭቱ ምንም የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ቅድም ከድንጋዩ ጋር እኩል ሲሄድ ያገኘነው ነጥብ፣ ከማጠፊያው ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው። ለግማሽ ሜትር ስፖንዳ 33 ሳንቲ ሜትር ላይ ማለት ነው። ስፖንዳው ወጥ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ጠርዙ ላይ ወፍራም ብረት ከተበየደበት፣ ነጥቡ ትንሽ ወደ ጠርዙ ይጠጋል።

ዕቃ የምታወርዱ ወጣቶችም እባካችሁ ስፖንዳን ፈትታችሁ አትልቀቁት። ሁለት ሆናችሁ፣ በግራና በቀኝ ጎን ቆማችሁ፣ ጠርዙን ይዛችሁ አውርዱት። ከፊቱ ማንም አይቁም፤ ከሁሉ የሚፈጥነው ጠርዙ ነው፣ የጉልበቱም ሰባ በመቶ ያለው ከጠርዙ ወዲህ ባለው ሲሶ ላይ ነው።